ለቲቸር፣ ለጡረታዎ

ጤና ይስጥልኝ ቲቸር፣

በዚህ ወር ጠመኔውን ሊያስቀምጡ መሆኑን የድሬ ልጆች ነገሩኝ። ደብዳቤውን «እንደ ሻማ ቀልጠው ያበሩልን» ብዬ ጀምሬው ነበር፤ ሰረዝኩት። ሻማው ለየትኛውም መምህር ይሆናል። እርስዎ ደግሞ «ስንት? በምን ተለካ?» ሳይሉ የተቀበሉት መልስ አልነበረም። ስለዚህ የተለካውን ብቻ ልጻፍ።

10ኛ ክፍል፣ ቡታጋዝ ከቤትዎ ይዘው መጥተው ውሃ ያፈሉ ዕለት። ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 96 ላይ ቆመ። «ተበላሽቷል!» አልን በአንድ ድምፅ፣ መጽሐፉ 100 ይላላ። አልተቆጡንም። መጀመሪያ ጫፉን ከድስቱ ታች ከፍ አድርገው ያዙት፤ ታች ከነካ የሚለካው የብረቱን ግለት ነው አሉን። አሁንም 96። ያኔ ነው ሰሌዳው ላይ 1,200 ለ300 ያካፈሉት፦ የመጽሐፉ 100 የባሕር ወለል ላይ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «ሐረርስ?» ብለው ጠመኔውን ለኋላ ወንበር ሰጡ። መልሱ 94 ገደማ ሆነ።

የመሬትን ስበት የለካንበት የፔንዱለሙም ነገር አለ። ሲባጎ ላይ የታሰረ አንድ ትልቅ ዳዶ፣ ርዝመቱ እስከ ቋጠሮው ሳይሆን እስከ ዳዶው መሃል 1 ሜትር። ትንሽ ብቻ ገፋ አድርጎ መልቀቅ፣ 20 ምልልስ መቁጠር። 40 ሰከንድ መምጣት ሲገባው የእኛ ቡድን 38 አመጣ፤ ስበቱም 10.9 ሆኖ ቁጭ አለ። ሰዓቱንም ሲባጎውንም ወነጀልን። እርስዎ አጠገባችን ቆመው አንዴ ሲቆጠር ሰሙና «ሲለቀቅ ዜሮ ነው፣ አንድ የሚባለው ሲመለስ ነው» አሉ። ለካ ሁልጊዜ 19 ነበር የምንቆጥረው። ደግመን ሠራነው፣ 9.8።

አሃዱን ለረሳ ደግሞ ግማሽ ማርክ ይሄዳል፤ ከጎኑ በቀይ «9.8 ምን? ኪሎ ብርቱካን?»። ያ ግማሽ ማርክ ያኔ ግፍ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ትንሽ ይመስለኛል።

አሁን ሐረር ነው ያለሁት። ጎረቤቴ እማማ ባቄላው አልበስል ሲላቸው ነጋዴውን ይረግማሉ። ነጋዴው ምንም አላደረገም፤ ውሃው 94 ላይ ፈልቶ ስለሚቀር ነው። እሳቱን ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም፤ መፍትሔው አድሮ መዘፍዘፍና መክደን ነው። ይህን ስነግራቸው በእርስዎ ድምፅ እንደምናገር ይታወቀኛል።

ዳዶው እኔ ዘንድ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሳልመልስ ቀርቻለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድሬ ስወርድ ይዤልዎ እመጣለሁ። ሲባጎው ግን ተበጥሷል።

አክባሪ ተማሪዎ፣
ከ10ኛ «ለ»፣ መስኮቱ ሥር