ሰባት ሰዓት
(በባቲ ቅኝት)

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ደሴ ሲነጋጋ፣
ዋሽንግተን ያለኸው ገና ወጣህ አልጋ።
አንድ ሰዓት ነው እዚህ፣ እዚያ ስድስት ሆኗል፣
ደህና እደር ልልህ ነው፣ ቀኔ ግን ጀምሯል።

አዝማች፦
ሰባት ሰዓት መሐል፣ ሰባት ሰዓት መንገድ፣
አንድ ፀሐይ ለሁለት ተካፍለን ስንዋደድ።

አስር ሰዓት ደርሶ አቦሉ ሲቀዳ፣
ያንተ ሦስት ነው ጠዋት፣ የባቡር ማለዳ።
ስልኬን አስደግፌ ከስኳሩ ጣሳ፣
ምስልህ ቀጥ አለብኝ ቶናው ሳይነሳ።
ካሜራውን አጥፋው፣ ድምፅህ ይበቃኛል፣
ፉት ስትል ከኩባያህ ሰላም ይሰማኛል።

(አዝማች)

ጥቅምት ሲገባደድ ሰዓታችሁ ዞሮ፣
ሰባት ስምንት ሆኖ ቡናው አለፈህ ዘንድሮ።
አስራ አንድ ላይ ደወልክ፣ በረካው ተጠጥቶ፣
ስኒህ ቀረ ብቻ ረከቦት ላይ ተደፍቶ።

ሆድዬ፣
እስከ መጋቢት ድረስ ቡናው አስራ አንድ ይሁን፣
አመድ አለብሳለሁ እንዳይጠፋ ፍሙን።

አዝማች፦
ስምንት ሰዓት መሐል፣ ስምንት ሰዓት መንገድ፣
አንድ ፀሐይ ለሁለት ተካፍለን ስንዋደድ።