እንኳን ደህና መጡ! ገና ካልወሰኑም ይግቡ

ሰላም፣ እንደምን ነዎት? ሱቃችን ባሕር ዳር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያሉ መሰለን። ዝም ብለው ዞር ዞር ማለት ከፈለጉ ይችላሉ፣ "ምን ልስጥዎት" እያለ የሚከተልዎት የለም። ይህ ሰላምታ ገጹን ለከፈተ ሁሉ የሚወጣ ነው። እርስዎ ከጻፉልን በኋላ ግን የሚመልስልዎት ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ትንሽ ከዘገየን ወይ ደንበኛ ይዘን ነው፣ ወይ መብራት ሄዶ ነው።

ያለን እቃ፦ በእጅ የተሸመነ ጋቢ፣ ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ፣ የዘጌ ቡና (ጥሬም የተቆላም)፣ ሰፌድና ሞሰብ፣ ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችም አሉ። ታንኳዋ ለመደርደሪያ ናት፣ ጣና ላይ አትወጣም 😄

ምን እንደሚገዙ ካልወሰኑ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን፦ ለማን ነው? ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጋቢ ነው የምናሳየው፣ አራት ድርብ ስለሆነ ይሞቃል፤ ግን ከባድ ነው፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ኪሎው ዋጋ ያስጨምራል፣ እንዲህ ሲሆን ነጠላ ይሻላል እንላለን። ለሠርግ ከሆነ ቀኑን አስቀድመው ይንገሩን፣ ጥበቡ በትእዛዝ የሚሠራ ከሆነ ሸማኔውን ማጣደፍ አይቻልም፣ ብናጣድፈውም ሥራው ያስታውቃል። በጀትዎንም ቢጽፉልን ጥሩ ነው፣ ትንሽ ነው ብለው አይፈሩ፤ የማይመጥንዎትን እያሳየን ጊዜዎን አንገድልም።

ፎቶ ላይ ያለው ቀለም ከእቃው ትንሽ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የወደዱትን ይላኩልን፣ ደጅ አውጥተን በቀን ብርሃን አንስተን እንልክልዎታለን። ይህን ሳያዩ ብር አይላኩ፣ እኛም አንቀበልም።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። ከተማው ውስጥ፣ አባይ ማዶም ቢሆን፣ በባጃጅ እናደርሳለን፤ እዚህ ላሉት እቃውን አይተው መክፈል ይቻላል። አዲስ አበባና ሌላ ከተማ በአውቶቡስ እንልካለን፣ የመላኪያው ዋጋ ለብቻው ነው፣ ከመክፈልዎ በፊት ይነገርዎታል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አለን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መልስ ይዘገያል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነን። ውጭ አገር ያሉ ከሆነ በሌሊትም ይጻፉ፣ ጠዋት ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው።

(ጥቂት ደቂቃ ዝም ካሉ የሚወጣው፦)

አሁንም እያዩ ነው? ተረጋግተው ይዩ። መጻፍ ከሰለቸዎት በድምፅ ይላኩልን፣ ወይም የሚፈልጉትን የሚመስል ነገር ፎቶ ብቻ ይወርውሩ፤ ካለን እናሳይዎታለን፣ ከሌለን ደግሞ የለንም እንልዎታለን።