የ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተናን ስለመግለጽ

ቀን፦ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

የማጠቃለያ ፈተናው የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ከሰኞ ጥር 18 እስከ ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሰጣል። ሰኞ አማርኛና የዜግነት ትምህርት፣ ማክሰኞ ሒሳብና የክወናና እይታ ጥበባት፣ ረቡዕ እንግሊዝኛና ኅብረተሰብ ሳይንስ፣ ሐሙስ አጠቃላይ ሳይንስና አይሲቲ፣ ዓርብ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት እንዲሁም የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ የጽሑፍ ፈተና ይሆናል።

የመጀመሪያው ፈተና ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:00፣ ሁለተኛው ከ4:30 እስከ 5:45 ይካሄዳል። በር የሚከፈተው 1:00 ሰዓት ሲሆን የቁርስ ምገባው እንደ ወትሮው ይቀጥላል፤ ምሳም ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስለማይኖር ተማሪዎች 7:00 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ይሸኛሉ። በዚህ ሰዓት ልጁን የሚቀበል ሰው ቤት ከሌለ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 9:30 ክፍት ነውና እዚያ እንዲቆይ ለክፍል ኃላፊው መምህር አስቀድማችሁ አሳውቁ።

አጥብቄ የምለምናችሁ የመድረሻ ሰዓትን ነው። በፒያሳና በአራት ኪሎ በኩል ጠዋት ታክሲ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር እናውቃለን። ሆኖም ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ፣ ላብ አጥልቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የመልስ ወረቀቱ ላይ ስሙን መጻፍ የሚያቅተው ልጅ የሚያውቀውን ጥያቄ እንኳ ሲስት ማየት በጣም ያሳዝነናል። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ 2:10 ላይ ግቢ ውስጥ እንዲገኝ፤ ፈተናው ከተጀመረ 20 ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ወደ ፈተና ክፍል አይገባም። ጉዳዩ የሚታየው ከወላጁ ጋር ቢሮ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ተማሪዎች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስና ማስመሪያ ይዘው ይምጡ፤ በፈተና ሰዓት መዋዋስ አይፈቀድም። በአንድ ዴስክ የሚቀመጡት አንድ የ7ኛና አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይሆናሉ። ሞባይልና ስማርት ሰዓት ጠፍቶም ቢሆን ወደ ፈተና ክፍል መግባት የለበትም፤ በፈታኝ መምህር ከተገኘ ዕቃው ተይዞ ለወላጅ ብቻ ይመለሳል። ማጭበርበሩ በቃለ ጉባኤ የተረጋገጠበት ተማሪ የዚያ ትምህርት ፈተና ውጤቱ ይሰረዛል። ልጆቻችሁ ይህን ከፈታኙ ሳይሆን አስቀድመው ከእናንተ ቢሰሙት እንመርጣለን።

የታመመ ልጅ በግድ እንዲመጣ አንፈልግም። በዕለቱ ደውላችሁ ካሳወቃችሁና የሕክምና ማስረጃ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካቀረባችሁ ምትክ ፈተና ይሰጠዋል። በዚህ ሳምንት የቤት ሥራና መላላክ ቢቀነስላቸው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊትም ቢተኙ መልካም ነው። ሌሊቱን ሲያጠኑ አድረው ፈተና ላይ የሚያንቀላፉ ልጆች ብዙውን ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው።

ከጥር 25 እስከ 29 ተማሪዎች እረፍት ላይ ይሆናሉ፤ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሰኞ የካቲት 2 ይጀመራል። የውጤት ካርድ ቅዳሜ የካቲት 7 ከጠዋቱ 3:00 እስከ 6:00 ሰዓት ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ በእጅ ይሰጣል፤ የታረመውን የፈተና ወረቀት መመልከትና ቅሬታ ማቅረብም በዚያው ዕለት ይቻላል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር