የደረት ራጅ ሪፖርት፦ ከማስተማሪያ ስብስብ የተወሰደ የቀኝ ላይኛ ሳንባ ካቪቲ

የምርመራው ዓይነት፦ ከኋላ ወደ ፊት የተነሣ የደረት ራጅ፣ ታካሚው ቆሞ። የጎን ራጅ አልተነሣም።

የተነሣበት ቀን፦ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ታካሚ፦ የ38 ዓመት ወንድ፣ በሸማ ሥራ የሚተዳደር። ፊልሙ ለሬዚደንቶች ማስተማሪያ እንዲሆን ሲመረጥ ስምና የካርድ ቁጥር ተነሥተዋል። ሪፖርቱ ግን ታካሚው አሁንም ዋርድ ተኝቶ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተቆጥሮ፣ በተለመደው አሠራር ሙሉ በሙሉ ተጽፏል።

የምርመራ ጥያቄ

ታካሚው ለ3 ወር የቆየ አክታ ያለው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የሚታይ የክብደት መቀነስ አለው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ አክታው ላይ ደም አይቷል። በጤና ጣቢያ ለ10 ቀን የተሰጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለውጥ አላመጣለትም። ከዚህ በፊት የቲቢ ሕክምና ወስዶ አያውቅም። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቱ በመጠየቂያው ላይ አልተጻፈም። ላኪው ሐኪም የጠየቀው «የሳንባ ቲቢ ይሆን?» ብሎ ነው።

ንጽጽር

ታካሚው ሰኔ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በሌላ ቦታ የተነሣውን ራጅ በፖስታ ይዞ መጥቷል። አብሮት ያለው አጭር ወረቀት «ጤናማ» ይላል። ሁለቱ ፊልሞች ጎን ለጎን ታይተዋል።

የፊልሙ ጥራት

የጎን ምልክቱ በትክክል ተቀምጧል። የሁለቱ ክላቪክሎች የውስጥ ጫፎች ከአከርካሪው እሾህ እኩል ስለሚርቁ የታካሚው አካል አልዞረም። ይህ በኋላ ስለ አየር ቧንቧው መሳብ ለሚነገረው ነገር ዋስትና ስለሆነ አስቀድሞ ተረጋግጧል። ከድያፍራም በላይ በግራ 10፣ በቀኝ 9 የኋላ ጎድኖች ስለሚቆጠሩ ትንፋሹ በቂ ነው፤ የአንዱ ጎድን ልዩነት የመጣው የቀኙ ድያፍራም ከፍ በማለቱ ነው። ከልብ ጥላ በስተጀርባ አከርካሪዎቹ በስሱ ይታያሉ፤ ይህም የጨረሩ መጠን ተገቢ መሆኑን ያሳያል። የትከሻ ሰሌዳዎቹ በአብዛኛው ከሳንባው መስክ ወጥተዋል፤ የቀኙ ውስጠኛ ጠርዝ ብቻ ላይኛውን መስክ በጥቂቱ ይነካል።

ግኝቶች

*የአየር ቧንቧና መካከለኛው ደረት።* የአየር ቧንቧው ከመካከለኛው መስመር ወደ ቀኝ ተስቧል፤ መሳቡ በአኦርታው ጉብታ ከፍታ ሲለካ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቧንቧው አልጠበበም። የላይኛው መካከለኛ ደረት ቀኝ ጠርዝ ከጎኑ ባለው ንጣት ተሸፍኖ ደብዝዟል። ያበጡ የሊምፍ ኖዶችን የሚያመለክት ጉብታ አልታየም፤ ሆኖም የቀኙ የቧንቧ ዳር በዚህ ፊልም በንጽሕና ሊነበብ ስለማይችል ኖድ የለም ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ አይቻልም።

*ሂለሞች።* በአብዛኛው ሰው የግራው ሂለም ከቀኙ በጥቂቱ ከፍ ይላል። በዚህ ፊልም የቀኙ ከግራው በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ወደ ታች የሚወርደው የደም ሥርም ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። የሂለሙ መጠን አልጨመረም።

*የቀኝ ሳንባ።* ዋናው ግኝት በቀኝ ላይኛው መስክ፣ በከፊል ከክላቪክሉና ከመጀመሪያው ጎድን በስተጀርባ ይገኛል። ውጫዊ ልኩ 3.6 በ3.1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካቪቲ ነው። ግድግዳው በሁሉም አቅጣጫ ወጥ አይደለም፤ በውጭው በኩል 4 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ሂለሙ በሚያይበት በኩል ግን 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የውስጥ ጠርዙ በአብዛኛው ለስላሳ ነው። የፈሳሽና የአየር መስመር በውስጡ የለም። እንደ ኳስ የተቀመጠ ጥላና ከላዩ የጨረቃ ቅርጽ ያለው አየርም ስላልታየ የፈንገስ ኳስ ምልክት የለም። ካቪቲውን የከበበው የተበታተነ ኮንሶሊዴሽን ጠርዙ በግልጽ የማይለይ ሲሆን ከጉልላቱ እስከ ሁለተኛው የፊት ጎድን ድረስ ይዘልቃል። ከካቪቲው የታችኛ ጫፍ ተነሥተው ወደ ሂለሙ የሚሄዱ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይታያሉ፤ ግድግዳው የወፈረ ብሮንከስ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

የላይኛው ሎብ መጠኑ ቀንሷል። በጤናማ ሳንባ በአራተኛው የፊት ጎድን አካባቢ የሚያልፈው አግዳሚ ስንጥቅ እዚህ በሦስተኛው የፊት ጎድን ከፍታ ላይ፣ በውጭው በኩል ወደ ላይ ታጥፎ ይታያል። በቀኙ ድያፍራም ጉልላት መካከል ላይም እንደ ድንኳን ጫፍ የሾለች ትንሽ ቅርጽ አለች። ይህች ምልክት ድያፍራሙን ብቻ ለሚመለከት ዓይን ትርጉም የላትም፤ የተሳበውን ቧንቧ፣ ከፍ ያለውን ሂለምና የታጠፈውን ስንጥቅ ላየ ግን አራተኛዋ ምስክር ናት፤ ላይኛው ሎብ ሲኮማተር ከሥር ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ይጎትታል።

በቀኝ ታችኛ መስክ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ በቡድን በቡድን የተሰበሰቡ፣ ጠርዛቸው ደብዛዛ የሆኑ ትናንሽ ነጠብጣቦች አሉ።

*የግራ ሳንባ።* ተመሳሳይ ነጠብጣቦች በግራ መካከለኛ መስክ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው የፊት ጎድን መካከል፣ በአንድ ትንሽ አካባቢ ተሰብስበው ይታያሉ። የግራው ጉልላት ንጹሕ ነው። ነጠብጣቦቹ በሁለቱም ሳንባ እኩል አልተሰራጩም፣ መጠናቸውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ሚሊያሪ ቲቢ ከሚያሳየው ጥቃቅንና ወጥ ስርጭት ይለያሉ።

*የሳንባ ሽፋን።* በቀኝ ጉልላት ላይ እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የሽፋን መወፈር አለ። የቀኙ የጎድንና የድያፍራም ማዕዘን ስለቱን አጥቷል። ቆሞ በተነሣ ራጅ ይህ ማዕዘን እንዲደበዝዝ በተለምዶ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ የቆየ የሽፋን መጣበቅም ተመሳሳይ መልክ ይሰጣል። የግራው ማዕዘን ስለታም ነው። ከሳንባው ውጭ የወጣ አየር በየትኛውም በኩል የለም።

*ልብ።* የልቡ ስፋት 12.6 ሴንቲ ሜትር፣ የደረቱ የውስጥ ስፋት 28.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ምጣኔው 0.44 ስለሆነ ልቡ አልሰፋም። ከልብ ጥላ በስተጀርባ የተደበቀ ንጣት አልተገኘም።

*አጥንትና ለስላሳ አካል።* በግራ ሰባተኛ ጎድን የጎን ክፍል ላይ የዳነ የቆየ ስብራት አለ። ካቪቲው አጠገብ ያሉት የመጀመሪያውና ሁለተኛው ጎድኖች ጠርዛቸው ሙሉ ነው፤ የተበላ ቦታ የላቸውም። የሚታዩት አከርካሪዎች ከፍታቸውን ጠብቀዋል፣ በአጠገባቸውም እብጠት የለም። ከድያፍራም በታች ነጻ አየር አልታየም።

*ከቀድሞው ፊልም ጋር።* የሰኔው ፊልም በጥቂቱ ዞሯል፤ የቀኙ ክላቪክልም ዝቅ ብሎ ጉልላቱን ሸፍኗል። ያም ሆኖ ከክላቪክሉ በስተጀርባ፣ ከመጀመሪያው ጎድን የፊት ጫፍ ከፍ ብሎ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ደብዛዛ ንጣት አለ። በግራው ጉልላት በዚያው ከፍታ የሚመሳሰለው ነገር የለም። አግዳሚው ስንጥቅ ያኔ በቦታው ነበር፤ ካቪቲ፣ ነጠብጣብም ሆነ የማዕዘን መደብዘዝ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ሁሉ በ7 ወር ውስጥ የተስፋፋ ነው። ፊልሙን ያነበበ ሁሉ ያቺን ንጣት ሊያልፋት ይችል ነበር፤ የአጥንቱ ጥላ በላይዋ ተደርቧልና። በዚህ ክፍል እንዳትታለፍ የምንጠቀምበት መንገድ ሁለቱን ጉልላቶች በወረቀት ከሌላው መስክ ከልሎ እርስ በርስ ማነጻጸር ነው፤ ፊልሙ ለትምህርት የተመረጠበትም ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ድምዳሜ

1. በቀኝ ላይኛ ሎብ ወፍራም ግድግዳ ያለው ካቪቲ፣ በዙሪያው ኮንሶሊዴሽንና የሎቡ መኮማተር፤ ከዚህም ጋር በቀኝ ታችኛና በግራ መካከለኛ መስክ በብሮንከስ በኩል ተሰራጭተዋል የሚያሰኙ ነጠብጣቦች። ከታሪኩ ጋር ሲታይ መልኩ ከሁሉ በላይ የሚስማማው ከድኅረ ቀዳማይ የሳንባ ቲቢ ጋር ነው። አንድ ፊልም ብቻውን በሽታው ንቁ ነው ወይስ ጠባሳ ነው የሚለውን ሊወስን አይችልም፤ እዚህ ግን በ7 ወር ውስጥ የታየው ለውጥና የነጠብጣቦቹ ደብዛዛ ጠርዝ ወደ ንቁ በሽታ በብርቱ ያዘነብላሉ። ባክቴሪያው በአክታ እስኪገኝ ድረስ ይህ የራጅ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ምርመራ አይደለም።

2. በሁለተኛ ደረጃ የሚታሰበው ካቪቲ የፈጠረ ካንሰር ነው። የግድግዳው ወፍራም ክፍል 7 ሚሊ ሜትር መሆኑ አይለየውም፤ ግድግዳው ከ15 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ነው ካንሰር ይበልጥ የሚያስጠረጥረው፣ 4 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ምክንያት አለው፤ ይህ በመካከል ላይ ይወድቃል። የታካሚው ዕድሜ፣ ጎድኖቹ አለመነካታቸውና በሁለቱም ሳንባ ያሉት የተቧደኑ ነጠብጣቦች ግን ዕድሉን ያሳንሱታል። የባክቴሪያ መግል የፈሳሽ መስመር ስለሌለውና አካሄዱ ዘገምተኛ ስለሆነ ከዚያም በታች ይቀመጣል። ከቲቢ ውጭ ያሉ የማይኮባክቴሪያ ዝርያዎች በራጅ ሊለዩ አይችሉም፤ ለእነርሱ ካልቸር ያስፈልጋል።

3. የቀኝ ማዕዘን መደብዘዝ፤ አነስተኛ ፈሳሽ ወይም የሽፋን መጣበቅ። ከሰኔው ወዲህ የመጣ ስለሆነ ፈሳሽ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል።

4. የዳነ የግራ ሰባተኛ ጎድን ስብራት፤ ከአሁኑ ሕመም ጋር ግንኙነት የለውም።

ምክረ ሐሳብ

አክታ ለጂን ኤክስፐርት ምርመራ ዛሬውኑ እንዲላክ፣ የሪፋምፒሲን መቋቋም ውጤቱም በታካሚው ካርድ ላይ እንዲጻፍ ይመከራል፤ ካቪቲ ያለው ታካሚ ብዙ ባክቴሪያ ስለሚያወጣ ለአብረውት ለሚተኙም አደጋ ነው። ውጤቱ እስኪደርስ አየሩ በሚንሸራሸር ለብቻ ክፍል እንዲቆይና ማስክ እንዲያደርግ፤ የኤችአይቪ ምርመራም እንዲሠራለት። የቤተሰቡ አባላት፣ በተለይ ሕፃናት ካሉ፣ እንዲመረመሩ። የቀኙ ማዕዘን በአልትራሳውንድ ይታይ፤ የጎን ራጅ ከመጨመር ይልቅ ፈሳሹን ከመጣበቅ የሚለየውና መርፌ የሚገባበትን ቦታ የሚያሳየው እርሱ ነው። አክታው ደጋግሞ ነጻ ከሆነ ወይም የሚተፋው ደም ከበዛ የደረት ሲቲ ስካን ይታሰብ። ሕክምና ከተጀመረ የመጨረሻው ራጅ ከዚህኛው ጋር እንዲነጻጸር ሁለቱም ፊልሞች በአንድ ፖስታ ይቀመጡ፤ ካቪቲው ከተፈወሰም በኋላ ጠባሳውና የቧንቧው መሳብ ሊቀሩ እንደሚችሉ የሚያነበው ሰው ያስታውስ።

ሪፖርቱን ያነበበው የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ የከለሰው አማካሪ ራዲዮሎጂስት። ድምዳሜ 1 ከጠዋቱ 4፡40 ላይ ለዋርዱ ተረኛ ሐኪም በስልክ ተነግሯል፤ ሐኪሙም የሰሙትን መልሰው አረጋግጠዋል።