ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፦ የአዲሱ ሳምንታዊ ሪፖርት ቅጽ አሞላልና ማጣሪያዎቹ

ቀን፦ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ፣ ስታዲየም እና ሜክሲኮ ቅርንጫፎች ሥራ አስኪያጆች
ከ፦ ፋይናንስ ክፍል፣ ለገሃር

ጤና ይስጥልን፤

ከዚህ ማስታወሻ ጋር የተያያዘው የኤክሴል ፋይል ከሰኞ ኅዳር 1 ጀምሮ የሁላችሁም ሳምንታዊ ሪፖርት የሚሞላበት ቅጽ ነው። እስካሁን አንዱ በወረቀት፣ አንዱ በቴሌግራም ጽሑፍ፣ አንዱ ደግሞ ራሱ በሠራው ሠንጠረዥ ሲልክ ቆይቷል። ሁሉም ልክ ሊሆን ይችላል። ግን አምስቱን አንድ ላይ ለመደመር እዚህ ቢሮ ሰኞ ሙሉ ቀን ያልቃል። ከዚህ በኋላ ፋይሎቹ በራሳቸው ይደመራሉ፤ የሚደመሩት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው።

ወደ አሞላሉ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንነጋገር። ቅጹ ቁጥሮቻችሁ እርስ በርስ መስማማታቸውን ያያል። እውነት መሆናቸውን ግን ማየት አይችልም። ስለዚህ ቀይ ከበራባችሁ ቁጥር ነካክታችሁ አረንጓዴ አታድርጉት። ቀይ የሆነና ምክንያቱ የተጻፈበት ሪፖርት እዚህ ችግር የለበትም። ችግር የሚሆነው ተነካክቶ አረንጓዴ የሆነው ነው፤ እሱን የምናገኘው ከወራት በኋላ ነውና።

ቀለሞቹና ቀኑ

የምትሞሉት ቢጫውን ሳጥን ብቻ ነው። ግራጫው ቀመር ስላለበት ተቆልፏል። ከሌላ ፋይል ገልብጣችሁ የምታስገቡ ከሆነ በቀጥታ ፔስት አታድርጉ፤ `Ctrl+Alt+V`፣ ከዚያ `V`፣ ከዚያ `Enter` ተጫኑና ቁጥሩን ብቻ አስገቡ። በቀጥታ ፔስት ሲደረግ ቢጫው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥነው ገደብ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑ የፈለጋችሁትን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል።

ቀን የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ሦስት የተለያዩ ሳጥኖች አሉ። ለምን ሦስት እንደሆነ ልንገራችሁ። ኤክሴል የጻፋችሁትን ቀን የሚያነበው በፈረንጁ ካላንደር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብላችሁ በአንድ ሳጥን ብትጽፉ እሱ የሚያየው ፌብሩዋሪ 30ን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ ድምሩም ያን ቀን ዘልሎት ያልፋል። ኅዳር 5ን ከሆነ ደግሞ ማርች 5 ብሎ ይቀበላል፤ ይሄኛው ይባስ፣ ምክንያቱም ማንም አያስተውለውም። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ጭራሽ ግራ ይገባዋል።

ሦስቱን ሳጥኖች ስትሞሉ ቅጹ የፈረንጁን ቀን ጎን ላይ ያወጣላችኋል። ኅዳር 1 ቀን 2018 ካላችሁ 10/11/2025 ይላል። እሱን ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት ላይ ካለው ቀን ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ወይ ዜዱ የሌላ ቀን ነው፣ ወይ ረድፍ ዘላችኋል። ጳጉሜንንም ዓመቱን አይቶ ነው የሚፈቅደው፤ በ2018 ከ5 በላይ አይቀበልም፣ በ2019 ግን 6ን ይቀበላል።

ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ሳምንት ለሁለት ወር ሲከፈል ሁለት ፋይል አትሥሩ። ለምሳሌ ኅዳር 29 የሚጀምረው ሳምንት ታኅሣሥ 5 ያልቃል። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ወር ስላለው ለቫት ማሳወቂያ የምንፈልገውን የወር ድምር እኛ እንለየዋለን።

የሽያጭ ሺት

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ አለ። መጀመሪያ የዜዱን ጠቅላላ ድምር ቫትን ጨምሮ ጻፉ። ቀጥሎ ሽያጩ በምን እንደተከፈለ ትከፋፍሉታላችሁ፦ በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብር፣ በባንክ ዝውውር፣ በዱቤ። ማጣሪያው ይህን ያሰላል፦

```
=ROUND(C12-SUM(D12:G12),2)
```

መልሱ ዜሮ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ። አንድ ቀን እንውሰድ። ዜዱ 86,250 ብር ይላል። በጥሬ 31,400፣ በቴሌብር 22,850፣ በባንክ 32,000፣ ዱቤ 0። ድምሩ 86,250 ስለሆነ አረንጓዴ ነው። የቫቱን አምድም ከዜዱ ላይ አይታችሁ ትሞላላችሁ፤ ቅጹ ደግሞ ጠቅላላውን በ15 አባዝቶ ለ115 ያካፍልና ያስተያያል። በዚህ ምሳሌ 11,250 መምጣት አለበት። ማሽኑ ሳንቲም ስለሚያጠጋጋ እስከ 1 ብር ልዩነት ያልፋል። ጠቅላላውን በቀጥታ በ15 በመቶ የሚያባዛ ሰው 12,937.50 ያገኛል፤ ቀይ ሲበራ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ዱቤ ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ጊዜ የሚምታታው እዚህ ነውና። ዕቃው በዱቤ በወጣበት ቀን ዜድ ላይ ስላለ ሽያጭ ነው። ደንበኛው በሳምንቱ መጥቶ ሲከፍል ግን ሽያጭ አይደለም። ገንዘቡ የሚገባው ካሽ ሺት ላይ «የተሰበሰበ ዱቤ» በሚለው አምድ ነው። ሽያጭ ላይ ደግማችሁ ከጻፋችሁት የዜዱ ማጣሪያ ወዲያው ይይዛችኋል።

የተዘጋችሁበት ቀን ካለ 0 ጻፉና ምክንያቱ ላይ «ዝግ» በሉ። መርካቶ እሑድ እሑድ ይህን ታደርጋላችሁ። ባዶ ሳጥንና ዜሮ ለቅጹ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት አልሸጥንም ነው፤ ባዶ ማለት ገና አልሞላሁም ነው፤ ባዶ ያለበት ፋይል አይደመርም።

ለቴሌብርና ለባንክ ዝውውር የእያንዳንዱን ክፍያ መለያ ቁጥር በተለየ ሺት ትዘረዝራላችሁ። ማጣሪያው ተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከገባ ቀይ ያበራል። በራሳችሁ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን እኛ ጋ ሲደመር በአምስቱም መካከል ያያል፤ አንዱን ክፍያ ፒያሳም ስታዲየምም አሳይቶ ዕቃ የወሰደ ሰው እዚያ ላይ ይወጣል። ቁጥሩን በዓይን እያያችሁ አትተይቡ። ኦ ፊደልና ዜሮ ይምታታሉ፤ ከመልእክቱ ላይ ኮፒ አድርጉት። የምትመዘግቡትም ገንዘቡ ድርጅቱ ሒሳብ መግባቱን ካያችሁ በኋላ ነው። ደንበኛው በስልኩ የሚያሳየው ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። ካሸሮቻችሁ ይህን ያውቁታል፣ ግን በጠዋት ግርግር ስለሚረሳ ንገሯቸው።

ካሽ ሺት

የመነሻው ገንዘብ ካለፈው ቀን መዝጊያ በራሱ ይመጣል። የሰኞውን ብቻ እናንተ ትጽፋላችሁ፤ እሱም ካለፈው ፋይል የእሑድ መዝጊያ ጋር እዚህ ይመሳከራል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ መነሻ፣ ሲደመር የጥሬ ሽያጭ፣ ሲደመር የተሰበሰበ ዱቤ፣ ሲቀነስ ፔቲ ካሽ፣ ሲቀነስ ባንክ የገባ። ከዚያ መሳቢያውን ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን በአጠገቡ ትጽፋላችሁ።

ቅድም ባየነው ቀን እንቀጥል። መነሻው 4,000 ነበር። ጥሬ ሽያጭ 31,400 ገባ። 650 ለፔቲ ካሽ ወጣ፣ 30,000 ባንክ ገባ። መሳቢያው ውስጥ 4,750 መኖር አለበት። ካሸሯ ስትቆጥር 4,700 ሆነ። 50 ብር ጎድሏል፤ ቀይ በራ።

እዚህ ጋ የሚመጣውን ፈተና ሁላችንም እናውቀዋለን። ፔቲ ካሹን 700 ማድረግና «ፓርኪንግ 50» ብሎ መገላገል ነው። አታድርጉት። ቆጠራውን 4,700 ብላችሁ ተዉትና ምክንያቱ ላይ የምታውቁትን ጻፉ፦ «ከሰዓት በኋላ ዝርዝር መልስ ሲሰጥ ሳይሆን አይቀርም፣ ማን እንደሆነ አልታወቀም»። አንድ ሳምንት 50 ብር ቢጎድል የሰው ሥራ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ቢጎድል ግን ማወቅ እንፈልጋለን፣ የሚታወቀውም በትክክል ከተጻፈ ብቻ ነው። ሲተርፍም እንዲሁ ነው፤ የተረፈውን ለነገ ጉድለት ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም።

የምክንያት ሳጥኑ ከ15 ፊደል በታች ከሆነ እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል። «ስህተት» ወይም «ይጣራል» ብሎ ማለፍ አይሠራም። «ዝግ» ብቻ ይፈቀዳል።

የዕቃ ዝውውር

ይህ ሺት እናንተ ጋ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ አትዘናጉ። እውነተኛው ማጣሪያ የሚሠራው የሁለቱ ቅርንጫፍ ፋይሎች እኛ ጋ ሲገናኙ ነው። የላኪው ቫውቸር ቁጥርና ብዛት ከተቀባዩ ጋር መግጠም አለበት። መርካቶ እሑድ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ከሰዓት የሚላክ ዕቃ ብዙ ነው። 24 የኤሌክትሪክ ምጣድ ቅዳሜ ወጥቶ ሜክሲኮ ሰኞ ቢደርስ፣ መርካቶ «የተላከ» ላይ ይጽፋል፣ ሜክሲኮ ደግሞ በዚያ ሳምንት ፋይል «መንገድ ላይ» በሚለው አምድ ይመዘግባል። ሜክሲኮ ዝም ካለ 24ቱ ምጣድ የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ ላኪው ጭነቱ ሲወጣ ለተቀባዩ ይደውል። የተሰበረ ከደረሰ የደረሰውን ደህና ብቻ ተቀበሉ፣ የተሰበረውን ምክንያት ላይ ጻፉ።

በቅርንጫፍ ዝርዝሩ ውስጥ KAZ የሚል ኮድ ታያላችሁ። ካዛንቺስ ከተነሳ ወዲህ አይሠራም፤ ያቆየነው ለድሮው መረጃ ነው። በስህተት ከመረጣችሁት ፋይሉ ቀይ ይሆናል።

አላላክ

የፋይሉ ስም የቅርንጫፍ ኮድና ሳምንቱ ያለቀበት ቀን ነው። ፒያሳ ለመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ትላለች፦ `PIA_2018_03_07.xlsx`። 03 ኅዳር ነው፣ 07 ቀኑ። አራት ኪሎ ARK፣ መርካቶ MER፣ ስታዲየም STA፣ ሜክሲኮ MEX። ፋይሉን ደጋግማችሁ ስታወርዱ ስሙ መጨረሻ ላይ `(1)` ይጨመራል፤ ከመላካችሁ በፊት አጥፉት፣ ካለበለዚያ ደማሪው አያገኘውም። በቴሌግራም ስትልኩ ፋይሉን ራሱን ላኩ፤ የስክሪኑን ፎቶ አንቀበልም። ሙሌቱን በኮምፒውተር አድርጉት፤ በስልክ ማየት ይቻላል፣ መሙላት ግን አይመከርም።

የመጨረሻው ሰዓት ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ፋይል ኅዳር 8 ይጠበቃል። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ደውላችሁ ንገሩን፤ በወረቀት የጻፋችሁትን አስቀምጡና ሲመጣ ሙሉት።

ከላካችሁ በኋላ ስህተት ካገኛችሁ የድሮውን ፋይል አትለውጡ። አርማችሁ ስሙ መጨረሻ ላይ `_R1` ጨምሩና እንደገና ላኩ። ሁለቱም እኛ ጋ ይቀመጣሉ።

ሐሙስ ጥቅምት 27 ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለገሃር ቢሮ ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ካሸራችሁንም አምጡ። እዚያው አንድ ላይ እንሞላለን፤ ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሪፖርት ቁጥጥር ኃላፊ፣ ፋይናንስ ክፍል