የአፍዴራ ጨው

ጋሽ ሙሉነህ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ይበልጣል ቅዳሜ ገበያ ጨው የሚያከፋፍል ወጣት ነጋዴ ነው። ሁለቱም ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ፣ ውሃ ተቸግረው የማያውቁ የጣና ልጆች ናቸው። ይህን ታሪክ አንድ ላይ ሆነው አውርተውት አያውቁም። ለየብቻ ጠይቄ ነው ያገጣጠምኩት። የማይገጥመውን ትቼዋለሁ።

ሰኔ ነበር። ባሕር ዳር ሰው ጃንጥላ የሚገዛበት ወር፣ አፋር ደግሞ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ የሚያልፍበት። ከአፍዴራ 60 ኩንታል ጨው ጭነው እየተመለሱ ነው። ጭነቱ በዝቷል፤ ወደፊት ኬላ አለ። ጋሽ ሙሉነህ ከአስፋልቱ ወጥቶ የመኪና ጎማ ዱካ ተከተለ። «አቋራጭ ነው፣ አውቀዋለሁ» አለ። ይበልጣል እስከ ዛሬ የሚያነሳው ይህችን ቃል ነው።

አመሻሽ ላይ የራዲያተሩ ላይኛው የውሃ ቱቦ ፈነዳ። ውሃው በእንፋሎት ወጥቶ አለቀ። መኪናው ጥቁር ድንጋይና አሸዋ መሀል ቆመ። የስልክ ኔትወርክ የለም።

ውሃ ግን ነበራቸው። ከወንበሩ ጀርባ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ከግማሽ ትንሽ ያለፈ።

ጋሽ ሙሉነህ የተቀደደውን ቱቦ በአሮጌ ላስቲክ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። እጁ ጥሩ ነው፣ ይህን ይበልጣልም አይክድም። ከዚያ ቀና ብሎ፦

«ስማኝ ልጄ፤ ስምንት ሊትሩን ራዲያተር ውስጥ እንጨምር። የቀረውን እንጠጣለን። ግማሹን ጨው እናውርደውና ሌሊቱን ቀስ እያልን አስፋልት እንገባለን።»

ነገሩ ትክክል ነበር። ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጭነት ሲቀንስ ሞተሩ አይግልም። ይበልጣል የሰማው ግን ሌላ ነው። የሚጠጣ ውሃ ለመኪና? ጨዉ ይውረድ? መኪናው የሱ፣ መንገዱ የሱ፣ «አቋራጭ» ያለውም እሱ። ጨዉን አስወርዶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ እኔን ጥሎኝ ቢሄድስ? ነገ ከዘመዶቹ ጋር መጥቶ ቢጭነውስ?

«ጋሼ፣ ውሃው አይነካም። ሲነጋ ሰው ይመጣል» አለ። ጋሽ ሙሉነህ ሊሸና ዞር ሲል ደግሞ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ሙሉነህ ተመልሶ ቁልፉን አጣ። ምንም አልተናገረም። ጀሪካኑን ይዞ ከኋላ ጎማው ስር ተኛ።

እንግዲህ አስቡት። ቁልፍ የያዘው መንዳት አይችልም። መንዳት የሚችለው ቁልፍ የለውም። በረሃው ገና አንድ ጣት አላነሳባቸውም።

ሌሊቱን ጋሽ ሙሉነህ አንድ ድምፅ ሰማ። ጭርጭር የሚል። ሃይላንድ ሲጨመቅ የሚያወጣውን ድምፅ ሹፌር ያውቀዋል። ይበልጣል ቦርሳው ውስጥ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ደብቆ ኖሮ፣ ጋቢና ውስጥ ተኮራምቶ እየጠጣ ነው። ከእናቱ ቤት የያዘው ውሃ ነበር፣ «የራሴ ነው» ይላል። የራሱ ነው። ግን በጨለማ የሚጠጣ ውሃ የማንም ቢሆን ያጣላል።

ጋሽ ሙሉነህ ከዚያ ወዲያ አልተኛም። ይበልጣልም አልተኛም። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲቆጥር ነጋ።

በነጋታው ያደረጉትን ሁለቱም እያፈሩ ነው የነገሩኝ። ጥላ ያለው መኪናው ስር ብቻ ነው። ሁለት ሰው ይይዛል። እነሱ ግን አብረው አልገቡም። ይበልጣል የጋለው ጋቢና ውስጥ ዋለ። ጋሽ ሙሉነህ በየሰዓቱ እየወጣ «ምን እያረገ ነው?» ብሎ ያያል። ላብ ሲወጣ ውሃ ይፈለጋል፤ አንዱ ሲጠጣ ሌላው እንዳይበለጥ ብሎ ይጠጣል። ጀሪካኑ ሳይጠሙም ጎደለ።

እኩለ ቀን ላይ ሰው መጣ።

አንድ የአፋር እረኛ ነው፣ ሁለት ግመል ይነዳል። በዚያች ደቂቃ ይበልጣል ጀሪካኑን ሊወስድ ወርዷል፤ ጋሽ ሙሉነህ የክሪኩን ብረት አንስቷል። «ትነካውና!» «አንተ ነህ ያመጣኸኝ!» እረኛው ራቅ ብሎ ቆመ። አየ። ብረት የያዘ ሰው አየ፣ የሚጮህ ሰው አየ። ግመሎቹን አዙሮ ሄደ።

ሁለቱም ሮጡ፣ ጮሁ። የደረቀ ጉሮሮ ሩቅ አይሰማም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሉነህ ማላብ አቆመ። ይበልጣል መጀመሪያ ልብ አላለም። ሽማግሌው ከመኪናው ስር ሆኖ «ታንኳዋን አስጠጓት፣ ታንኳዋን» ማለት ሲጀምር ነው የደነገጠው። ጎንበስ ብሎ ነካው። ቆዳው ደረቅ ነው፣ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ይበልጣል ለምን እንደረዳው ስጠይቀው አላሳመረልኝም፤ እውነቱን ተናገረ። «እሱ ከሞተ ማን ይነዳልኛል?» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ቅን መልስ አልጠበቅኩም።

ሸሚዙን አርጥቦ አንገቱና ብብቱ ስር አደረገለት፣ በካርቶን አራገበለት። የመጨረሻዋን ሃይላንድ አወጣ። በትንሽ በትንሹ አጠጣው። ጋሽ ሙሉነህ ነፍሱ ስትመለስ መጀመሪያ ያየው ሃይላንዱን ነው።

«ይቺን ነው ማታ ስትጠጣ የነበረው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

ሽማግሌው ዝም አለ። ከዚያ «ያዘው። አንተ መሪው ላይ ተቀመጥ፣ ቁልፉ እጅህ ይሁን። እኔ ውሃውን እጨምራለሁ። ሳትፈልግ መኪናው አይነሳም» አለው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዉን ማውረድ ጀመሩ። አንዱ የታመመ፣ ሌላው የደከመ፣ 30 ኩንታል አወረዱ። ከጀሪካኑ የቀረው ስድስት ሊትር ገደማ ነው። ሁለት ሊትር አስቀርተው አራቱን ጨመሩ። አልሞላም። ጋሽ ሙሉነህ እያፈረ ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ተራ በተራ የራዲያተሩ አፍ ላይ ወጥተው ሸኑ። ብዙ አልነበረም። ይበልጣል ይህን ክፍል ሲነግረኝ ስቋል፤ ሌላውን ሲነግረኝ አልሳቀም።

መኪናው ተነሳ። ክዳኑን ትንሽ ላላ አደረጉት፣ ግፊቱ ጥገናውን እንዳይበጥሰው። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ሞተሩን ያበርዳሉ። ሲቆሙ ጋሽ ሙሉነህ ቁልፉን ነቅሎ ለይበልጣል ይሰጠዋል። ሲነሱ ይበልጣል ይመልስለታል። ሊነጋ ሲል አስፋልት ወጡ።

ሰርዶ ሻይ ቤት ሲገቡ አንድ አዛውንት አፋር ቀና ብለው አዩዋቸው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይነግር አያልፍም፣ ዳጉ ይሉታል። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ደርሷል። ሊፈልጓቸው የተነሱ ልጆችም ነበሩ፤ «ብረት ይዘዋል፣ ተጠንቀቁ» ተብለው ሲነጋ ሊሄዱ ቆይተዋል።

«በውሃ የሚጣሉት እናንተ ናችሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«ነን አባባ።»

«ብረቱን የያዘው የትኛው ነው?»

ጋሽ ሙሉነህ በአገጩ ወደ ይበልጣል ጠቆመ። ይበልጣል በጣቱ ወደ ጋሽ ሙሉነህ።

ጨዉን ሊያመጡ ሌላ መኪና ተከራዩ። ከ30ው ኩንታል 24ቱ ተገኘ። ይበልጣል ስድስቱን የት እንዳደረሰው ጋሽ ሙሉነህን ይጠይቃል። ጋሽ ሙሉነህ ደግሞ ሲጫን የቆጠረው ማን እንደነበር ይጠይቃል።