ቃሉ ቀይ ይላል ቀለሙ ሰማያዊ ነው፦ የስትሩፕ ኤክስፐሪመንት ላብ ሪፖርት

መግቢያ

አንዴ ማንበብ ከለመድክ በኋላ አለማንበብ አይቻልም። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብለህ የሱቆቹ ጽሁፍ በመስኮት ሲያልፍ ማንም አንብብ ሳይልህ አንብበኸው ነው ምታልፈው። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ ይሄንን በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስራ በቁጥር አሳይቷል፣ 100 ባለቀለም ካሬዎችን ቀለም ለመጥራት ሰዎቹ በአማካይ 63.3 ሰከንድ ሲፈጅባቸው ከቀለማቸው ጋር የማይገጥሙ 100 የቀለም ስሞች የተጻፉበትን ቀለም ሲጠሩ ግን 110.3 ሰከንድ ፈጀባቸው፣ ማለትም 74 ፐርሰንት ጨመረ። የኛ ግሩፕ (4 ነን) ይሄንኑ በአማርኛ ፊደል ሞከርነው። ኑል ሃይፖተሲሳችን በሁለቱ ካርዶች መካከል የጊዜ ልዩነት የለም ሚል ነው፣ አልፋ .05፣ ቱ-ቴይልድ።

ሜተድ

12 ተሳታፊ፣ 7 ሴት 5 ወንድ፣ ከ19 እስከ 23 አመት። እውነቱን ለመናገር ሁሉም የክላስና የዶርም ጓደኞቻችን ናቸው፣ ማንንም በዕጣ አልመረጥንም። ምን እንደሚሰሩ ነግረናቸው፣ ካልፈለጉ ማቋረጥ እንደሚችሉ አስረድተን፣ በቃል ተስማምተው ነው የገቡት።

ሁለት ካርድ አዘጋጀን፣ እያንዳንዱ ላይ 40 ቃል፣ 5 መስመር በ8። ካርድ ሀ ላይ ቃሉና ቀለሙ አንድ ነው፣ ቀይ ሚለው በቀይ ተጽፏል። ካርድ ለ ላይ ይጋጫሉ፣ ቀይ ሚለው ምናልባት በአረንጓዴ ነው። ቀለሞቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር፣ እያንዳንዱ ቀለም በየካርዱ 10 ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ቀለም ሁለቴ አይከታተልም። ይሄ 10 ጊዜ ነገር ዝም ብሎ ለማሳመር አይደለም፣ አረንጓዴ ለማለት አፍ ሚፈጅበት ጊዜ ቀይ ከማለት ይረዝማል፣ በሁለቱም ካርድ ሚጠሩት መልሶች እኩል ካልሆኑ ልዩነቱ ከአፍ ይሁን ከጭንቅላት ማወቅ አይቻልም።

መጀመሪያ ቢጫ ነበር የመረጥነው፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጭራሽ አይታይም ስለዚህ በጥቁር ተካነው። ደግሞ የመጀመሪያው ፕሪንት ሰማያዊው ተበላሽቶ ወጣ፣ ለሙከራ ያስነበብነው ልጅ ሶስት ጊዜ "ወይን ጠጅ" ሲል ነው የነቃነው፣ ሌላ ቦታ ሄደን ደግመን አሳተምን። የዛ ልጅ ዳታ ከ12ቱ ውስጥ የለም።

ስራው ቃሉን ማንበብ ሳይሆን የተጻፈበትን ቀለም ጮክ ብሎ በፍጥነት መጥራት ነው። ከተሳሳቱ አስተካክለው ይቀጥላሉ፣ ሰዓቱ አይቆምም። ሁሉም ሁለቱንም ካርድ ሰርተዋል፣ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው በሀ ጀመሩ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በለ። ከዛ በፊት 8 ቃል ያለው አንድ መስመር ለልምምድ ሰጥተናል። ጊዜውን በስልክ ስቶፕዎች አንዳችን ያዘ፣ ሌላኛችን ስህተት ቆጠረ።

ውጤት

ጊዜው በሰከንድ ነው።

| ተሳታፊ | ካርድ ሀ | ካርድ ለ | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| 1 | 19.8 | 31.0 | 11.2 |
| 2 | 22.4 | 36.5 | 14.1 |
| 3 | 21.1 | 30.5 | 9.4 |
| 4 | 24.6 | 41.9 | 17.3 |
| 5 | 20.3 | 32.3 | 12.0 |
| 6 | 23.7 | 34.2 | 10.5 |
| 7 | 26.2 | 45.4 | 19.2 |
| 8 | 18.9 | 27.0 | 8.1 |
| 9 | 22.0 | 35.0 | 13.0 |
| 10 | 25.1 | 41.5 | 16.4 |
| 11 | 21.6 | 23.9 | 2.3 |
| 12 | 23.3 | 35.4 | 12.1 |

የካርድ ሀ አማካይ 22.42 (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 2.24)፣ የካርድ ለ 34.55 (6.25)። ሁሉም ሰው ያለ ልዩነት በለ ዘግይቷል፣ በአማካይ 12.13 ሰከንድ፣ ወይም በአንድ ቃል 0.3 ሰከንድ ገደማ።

```
t = 12.133 / (4.507 / √12) = 9.33
df = 11,  p < .001
95% CI [9.27, 15.00],  d = 2.69
```

ስለዚህ ኑል ሃይፖተሲሱን ውድቅ አድርገናል። pን ኤክሴል ላይ ያወጣነው እንዲህ ነው፣

```
=T.TEST(B2:B13,C2:C13,2,1)
```

የመጨረሻዋ 1 ፔርድ ማለት ናት። እኛ መጀመሪያ 2 ብለን ሁለቱን ካርዶች የተለያዩ ሰዎች እንደሰሯቸው አስቆጠርነው፣ በዛ ስሌት t ወደ 6.33 ይወርዳል። ድምዳሜውን አይቀይረውም ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም 8ኛዋ በሁለቱም ካርድ ፈጣን ናት፣ 7ኛዋ በሁለቱም ቀርፋፋ ናት፣ ፔርድ ቲ-ቴስት ሚጠቅመው ያንን የሰው ተፈጥሯዊ ፍጥነት አውጥቶ ልዩነቱን ብቻ ስለሚያይ ነው።

ስህተት ካርድ ሀ ላይ 1፣ ካርድ ለ ላይ 19 (ከ480 ቃል 4 ፐርሰንት)። አብዛኛው ስህተት ቃሉን ራሱን ማንበብ ነው፣ ብዙዎቹ "ሰማ..." ብለው ጀምረው ምላሳቸውን ነክሰው "ቀይ" ይላሉ፣ ከዛ ይስቃሉ፣ ሳቁም ሰዓቱ ላይ ይቆጠራል።

11ኛው ተሳታፊ

ይሄ ልጅ 2.3 ሰከንድ ብቻ ነው የዘገየው፣ መጀመሪያ ስቶፕዎቹ የተበላሸ መስሎን ነበር። ስናናግረው ሁለት ነገር አለን። አንደኛ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ትምህርቱንም የጀመረው በቁቤ ነው፣ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል ግን ፊደሉን ማንበብ የለመደው ዘግይቶ ነው። ሁለተኛ "ዓይኔን አጥብቤ ፊደሉን አደብዝዤ ነው ያየሁት" አለ። የመጀመሪያው ከሆነ በጣም ደስ ሚል ግኝት ነው፣ ንባቡ ገና አውቶማቲክ ካልሆነ ቃሉ ቀለሙን ሚረብሽበት አቅም አነስተኛ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ብልጠት ነው፣ በቃ። በአንድ ሰው መለየት አይቻልም። እሱን ብናወጣው t(10) = 12.58 ይሆናል፣ ቁጥራችን ያምራል፣ ግን ህጉን ሳይጥስ ነው የሰራው፣ ውጤቱ ስላልጣመን ብቻ ሰው አናወጣም ብለን ትተነዋል።

ሊሚቴሽን

ትልቁ ችግር ገለልተኛ ካርድ አለመኖሩ ነው። ስትሩፕ ያወዳደረው ከካሬ ጋር ነው፣ እኛ ደግሞ ከሚገጥም ቃል ጋር። ካርድ ሀን ቀለሙን ጭራሽ ሳያዩ ቃሉን ብቻ አንብቦ መጨረስ ይቻላል፣ ስለዚህ 12 ሰከንዱ ውስጥ ስንቱ ከካርድ ለ መረበሽ፣ ስንቱ ከካርድ ሀ መቅለል እንደመጣ አናውቅም። የኛን 54 ፐርሰንት ከሱ 74 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ "የአማርኛ ፊደል ያንሳል" ማለትም ለዚሁ ነው ማያስኬደው።

የቅደም ተከተሉም ነገር አለ። በለ የጀመሩት አማካይ ልዩነት 13.08፣ በሀ የጀመሩት 11.18። ልምምድ ሊሆን ይችላል፣ 11ኛው ደግሞ በሀ ከጀመሩት ውስጥ ስለሆነ አማካዩን እሱ ጎትቶት ሊሆንም ይችላል፣ በ6 በ6 ሰው ብዙ ማለት አይቻልም።

የቀለም እይታን በተመለከተ "ቀይና አረንጓዴ ይምታታብሃል ወይ" ብለን ጠየቅን እንጂ በኢሺሃራ ፕሌት አልፈተንንም። ጥቁርም እንደሌሎቹ ቀለሞች አይደለም፣ ሁልጊዜ ምናነበው በጥቁር ስለሆነ ጥቁር ቀለም "አንብብ" ሚል ምልክት ሊሆን ይችላል። ስቶፕዎቹን ሚጫነው ልጅ የትኛው ካርድ እንደሆነ ያያል፣ የምንጠብቀውንም ያውቃል። የ7ኛዋ ስልክ ደግሞ ካርድ ለ ሶስተኛው መስመር ላይ ጠራ፣ ሰዓቱን አላቆምንም፣ ካርዱን አንዴ ስላየችው ማስደገም አልቻልንም፣ ከሁሉም ትልቁ ልዩነት (19.2) የሷ የሆነው በከፊል ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለሚቀጥለው ላብ መምህራችን ከፈቀዱ ካሬ ያለበት ሶስተኛ ካርድ እንጨምራለን፣ 11ኛውንም በቁቤ diimaa እና magariisa የተጻፈበት ካርድ እንሰጠዋለን፣ ዓይንህን ሳታጠብብ ብለን።